«ማንኛውም ሰነድ» የሚል ደብዳቤ
አዳማ ላይ ለሒሳብና ለኦዲት ባለሙያዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። ወንበር ያጣችሁ በመስኮቱ በኩል ጠጋ ጠጋ በሉ። ነፋሱ የአዳማ ነፋስ ነውና መስኮቱን ስትከፍቱ ወረቀቴን አደራ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። የኦዲት ቡድኑ ድርጅቱ ግቢ ከመግባቱ በፊት ሲኒየሩ ለፋይናንስ ኃላፊው የሚጽፈው፣ «እነዚህን ሰነዶች አዘጋጅተው ይጠብቁን» የሚለው ደብዳቤ ነው። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁ ጻፊዎች ናችሁ፤ የቀራችሁት ተቀባዮች። ተቀባዩ «ያለኝን ሁሉ ይጠይቁኛል፣ ያመጣሁትን ግን ገልጠው አያዩም» ይላል። ጻፊው ደግሞ «ከጻፍኩ ወር ሞልቶኛል፣ ስመጣ የተዘጋጀ ነገር የለም» ይላል። እኔ ጻፊ ነኝ። ግን የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እንዴት እንደተበላሸ ስነግራችሁ ምናልባት ለተቀባዩ ታዝኑለት ይሆናል።

ሲኒየር ሆኜ የመጀመሪያ ሥራዬ ከከተማችን ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ የዱቄት ፋብሪካ ነበር። ስሙ ይቅር። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን 2016 ተዘግቷል። እኔ ደብዳቤውን የላክሁት ነሐሴ 20 ነው፤ ሥራ የምንጀምረው መስከረም 13 ሰኞ። ከራሴ አልጻፍኩትም። ቢሮ ውስጥ ከነበረ የሌላ ደንበኛ ፋይል ገልብጬ የድርጅቱን ስም ብቻ ቀየርኩ። ያ የሌላ ደንበኛ ሆቴል ነበር። ስለዚህ የዱቄት ፋብሪካውን በተራ ቁጥር 17 «የአልጋ ክፍሎች ዕለታዊ የመያዝ ሪፖርት» ጠይቄዋለሁ።

የፋይናንስ ኃላፊው በዕድሜ የገፉ፣ ለሃያ ዓመት ያህል ደብተር የዘጉ ሰው ናቸው። ስልክ ደውለው፣ «እህቴ፣ አልጋ የለንም። ጆንያ ላይ ትተኛላችሁ ከተባለ ግን መጋዘኑን እናስጠርጋለን» አሉኝ። ሳቅሁ። የሳቄ ዋጋ ግን ሳይከፈል አልቀረም፤ ሌሎቹ ተራ ቁጥሮች ከአልጋው የባሱ ነበሩ። «ማንኛውም የባንክ ሰነድ።» «የዓመቱ የወጪ ሰነዶች በሙሉ።» «ከዕቃ ግምጃ ቤት ጋር የተያያዙ መረጃዎች።»

ሰኞ ጠዋት ስንገባ በተሰጠን ክፍል ውስጥ 41 ቦክስ ፋይል ከግድግዳው ጋር ተደርድሮ ጠበቀን። ጋሼ የጠየቅሁትን ሁሉ በታማኝነት አምጥተዋል። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ሁሉንም ስለጠየቅሁ ምን እንደምፈልግ አልነገርኳቸውም። ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ቦክስ ስንገለብጥ ዋልን። ሐሙስ ደመራ ሆነ፣ ዓርብ መስቀል። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ አለቀ። የትርፍ ግብር ማስታወቂያው ደግሞ ዓመቱ በተዘጋ በአራት ወር ውስጥ፣ ማለት ለእኛ እስከ ጥቅምት 30 መግባት ያለበት ነው። ሳምንት እንደዋዛ የሚባክንበት ጊዜ አልነበረም።

እንግዲህ ቀጥሎ የምለው ከዚያ ክፍል የወጣ ነው።

አንድ ሰነድ ስትጠይቁ ከትሪያል ባላንሱ ላይ የትኛውን ቁጥር እንደሚያስረዳ በደብዳቤው ላይ ጻፉ። ስለዚህ የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመር ራሱ ትሪያል ባላንሱ ነው፤ ሁሉም ማስተካከያ ከገባ በኋላ ያለው፣ ሰኔ 30 ላይ የቆመው፣ በኤክሴል። ፒዲኤፍ አትቀበሉ። ፒዲኤፍ ይታያል እንጂ አይደመርም፣ አይጣራም። ከእሱ ቀጥሎ የምትጠይቁት እያንዳንዱ ዝርዝር ድምሩ ከትሪያል ባላንሱ ጋር ገጥሞ እንዲመጣ ንገሯቸው፤ ካልገጠመ ደግሞ ልዩነቱ ተጽፎበት ይምጣ። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ቀላል ትመስላለች። አንዱን ላሳያችሁ።

ፋብሪካው ዱቄት በዱቤ ለዳቦ ቤቶችና ለብስኩት ፋብሪካዎች ይሸጣል። የተሰብሳቢ ሒሳብ በትሪያል ባላንሱ ላይ 18,640,000 ብር ነው። የደንበኞቹ ዝርዝር፣ እኛ ኤጂንግ የምንለው፣ ድምሩ 19,126,000 መጣ። ልዩነቱ 486,000 ብር። ሁለት ልጆች አንድ ሙሉ ቀን ፈለጉት። ደረሰኝ ለደረሰኝ አመሳከሩ፣ ኤጂንጉን ሁለት ጊዜ ደመሩት። መጨረሻ ላይ ጋሼ ቡና ይዘው ሲገቡ ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ነገርናቸው። ቡናውን ሳያስቀምጡ፣ «እሱማ የቅድሚያ ከፋዮቹ ነው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ደንበኞች ዱቄቱን ከመውሰዳቸው በፊት ከፍለዋል፤ አንዱ 210,000፣ አንዱ 176,000፣ አንዱ 100,000። ሒሳባቸው በደብተሩ ላይ በክሬዲት ቆሟል። ጠቅላላ ሌጀሩ ዴቢቱንና ክሬዲቱን አቻችሎ ያሳያል፤ ኤጂንጉን ያወጣው ልጅ ግን «ዕዳ ያለባቸውን ብቻ» ብሎ አጣርቶ አትሞታል። ከዚህ ውስጥ ስህተቱ ኤጂንጉ አይደለም። በሒሳብ መግለጫው ላይ ተሰብሳቢው 19,126,000 ሆኖ፣ 486,000ው ደግሞ ከደንበኞች የተቀበልነው ቅድሚያ ክፍያ ተብሎ ዕዳ ላይ መቀመጥ ነበረበት። ያለዚያ ፋብሪካው ለሦስት ሰዎች ዱቄት የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት አንባቢው አያውቅም። እኔ በደብዳቤው ላይ «የክሬዲት ቀሪ ያላቸውን ደንበኞች ጨምሮ» የሚሉ አምስት ቃላት ብጽፍ ኖሮ ጋሼ ይህን ነሐሴ ላይ በአሥር ደቂቃ ጽፈው ይልኩልኝ ነበር።

ስለ ወጪ ሰነዶች ብዙ አልልም። ቫውቸሮቹን በሙሉ አትጠይቁ። የዓመቱን የሒሳብ ምዝገባ ዝርዝር በኤክሴል ቀድማችሁ ተቀበሉ፣ ናሙናችሁን ቢሮ ተቀምጣችሁ ምረጡ፣ የመረጣችኋቸውን የቫውቸር ቁጥሮች ከመግባታችሁ ከሳምንት በፊት ላኩ። በማግስቱ ዓመት እዚያው ፋብሪካ 60 የሚሆኑ ቫውቸሮች ብቻ ተመዘው ጠበቁን፤ 41 ቦክስ ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

አሁን ወደ ባንኩ። እዚህ አገር ኦዲት የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ይህን ጉድጓድ ሳይገባበት አይቀርም። ደብተራችን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ነው፤ የባንክ ስቴትመንቱ በፈረንጅ። እኔ የጻፍኩት «የበጀት ዓመቱ የባንክ ስቴትመንት» ብዬ ነው። የሒሳብ ክፍሉ ልጅ ቅርንጫፉ ሄዶ «የዓመት» ሲል ከጁላይ 1 ቀን 2023 እስከ ጁን 30 ቀን 2024 አትመው ሰጡት። ልጁም ወረቀቱ ወፍራም ስለነበር ደስ ብሎት ተመለሰ። የእኛ ሐምሌ 1 ግን ጁላይ 8 ነው፤ ሰኔ 30ም ጁላይ 7። ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት፣ ከሰኔ 24 እስከ 30፣ የለም። ደንበኛ ሒሳብ የሚዘጋበት፣ አቅራቢ «ክፈሉኝ» የሚልበት፣ ቼክ የሚበዛበት ሳምንት እሱ ነው።

ስለዚህ በደብዳቤው ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። ደግሞም ሰኔ 30 ላይ አታቁሙት፤ እስከ ሐምሌ 30፣ ማለት እስከ ኦገስት 6 ይቀጥል። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ። በባንክ ማስታረቂያው ላይ «ተጽፈው ባንክ ያልቀረቡ ቼኮች» የሚል ዝርዝር አለ። በፋብሪካው ዝርዝር ላይ ሰኔ 28 የተጻፈ 740,000 ብር ቼክ ነበር። ማስታረቂያው ይገጥማል፣ ድምሩ ትክክል ነው፣ ሁሉም ፊርማ አለበት። የሐምሌውን ስቴትመንት ስናስመጣ ቼኩ የተመነዘረው ሐምሌ 26 ነው። አንድ አቅራቢ 740,000 ብሩን አራት ሳምንት ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞ ይዞራል? አይዞርም። ጠየቅን። ቼኩ ሰኔ 28 ተጽፎ የገንዘብ ያዧ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አቅራቢው ቀሪውን ዕቃ እስኪያደርስ ተይዞበታል። ቼክ ከእጃችሁ ካልወጣ ገንዘቡ ገና የእናንተ ነው፣ ዕዳውም ገና ዕዳ ነው። የባንኩ ቀሪና የተከፋዩ ሒሳብ ሁለቱም በ740,000 ብር አንሰው ተመዝግበው ነበር። የአንድ ወር ተጨማሪ ስቴትመንት ባይኖር ይህን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም፤ ማስታረቂያው እንደሆነ ልቅም ያለ ነው።

የባንክ ማረጋገጫ ደብዳቤን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ደብዳቤውን ድርጅቱ ይፈርማል፣ ወደ ባንኩ ግን የምንወስደው እኛ ነን፤ መልሱም በቀጥታ ወደ እኛ ይመጣል። ዓለም አቀፉ የኦዲት ደረጃ 505 ላልቶ የሚያልፈው ነገር አይደለም። በፋይናንስ ኃላፊው እጅ ዞሮ የመጣ ማረጋገጫ፣ ኃላፊው መልአክ ቢሆኑም፣ ማረጋገጫ ተብሎ አይያዝም። ስለዚህ በጥያቄው ዝርዝር ላይ «የባንክ ማረጋገጫ» ብላችሁ አትጻፉ። «በድርጅቱ ስም ያሉ የባንክ ሒሳቦች ሁሉ ዝርዝር፣ በዓመቱ ውስጥ የተዘጉትንና ቀሪያቸው ዜሮ የሆነውንም ጨምሮ» በሉና የተፈረመውን መጠየቂያ ተቀበሏቸው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ትንሽ ቅር አላቸው፤ «አላመናችሁኝም ማለት ነው?» አሉኝ። አልዋሸኋቸውም። «ጋሼ፣ ለእርስዎም የሚሻለው ይሄ ነው፤ ነገ አንድ ነገር ቢጠፋ እጅዎ አልነካውም» አልኳቸው። አሰቡበትና ፈረሙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ስንዴው እንምጣ።

ቅድም ደብዳቤውን የላክሁት ነሐሴ 20 ነው ብያችኋለሁ። በተራ ቁጥር 9 ላይ «የሰኔ 30 የዕቃ ቆጠራ ወረቀት» ጠይቄ ነበር። ጋሼ ሰጡኝ፤ ሰኔ 30 መጋዘኑ 6,580 ኩንታል ስንዴ ነበረው ይላል። ችግሩ እኛ አልነበርንም። የዕቃ ክምችቱ በሒሳብ መግለጫው ላይ ክብደት ያለው ቁጥር ከሆነ ኦዲተሩ ቆጠራው ላይ መገኘት አለበት፤ ደረጃ 501 የሚለው ይህን ነው። በነሐሴ የተጻፈ ደብዳቤ በሰኔ ቆጠራ ላይ ሊያስገኘኝ አይችልም። ይህ የሰነድ ጉድለት አይደለም፤ የቀን ጉድለት ነው።

ቀኑ ካለፈ የሚቀረው ወደኋላ ማስላት ነው። መስከረም 21 ማክሰኞ መጋዘን ገብተን ድርድሩን ቆጠርን፤ ጆንያው አንድ አንድ ኩንታል ነው። ከፊት ለፊት የሚታየውን ረድፍ በረድፍ አባዝታችሁ አትውጡ፤ መሀሉ ባዶ የሆነ ድርድር አይቻለሁ፣ እላዩ ላይ ወጥታችሁ እዩ። የእኛው ሙሉ ነበር፤ 6,120 ኩንታል። ከሐምሌ 1 እስከ ቆጠራው ቀን በማውጫ ደረሰኝ ወደ ወፍጮ የወጣው 18,310 ኩንታል፤ በገቢ ደረሰኝ የገባው 17,850። ወደ ሰኔ 30 ለመመለስ የወጣውን ትደምራላችሁ፣ የገባውን ትቀንሳላችሁ። 6,120 ሲደመር 18,310 ሲቀነስ 17,850፣ ይመጣል 6,580። ከደብተሩ ጋር አንድ ኩንታል እንኳ አልተለያየም።

እኔ ፋይሉን ልዘጋ ነበር። አብራኝ የነበረችው ጀማሪ ልጅ ግን በሩ ላይ ካለው የመኪና ሚዛን ቤት ሙቀቱን ሽሽት ተቀምጣ ኖሮ፣ የሚዛን መዝገቡን አገላብጣ ታየዋለች። ሐምሌ 2 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ አንድ አይሱዙ 60 ኩንታል ስንዴ ይዞ ገብቷል። የገቢ ደረሰኞቹን ፈለግን፤ በሐምሌ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የለም። ደረሰኙ የተገኘው ሰኔ 30 ቀን ተጽፎበት ነው።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱት። ከሐምሌ 1 ወዲህ በእውነት የገባው 17,910 እንጂ 17,850 አይደለም። ስለዚህ ሰኔ 30 መጋዘኑ ውስጥ የነበረው 6,520 ኩንታል ነው። ለምን ታዲያ የእኔ ስሌት ልክክ አለ? ደብተሩም የእኔም ስሌት ቀናቸውን የወሰዱት ከአንድ የገቢ ደረሰኝ ጥራዝ ነው። ደረሰኙ ቀኑን ሲዋሽ ሁለቱም አብረው ዋሹ። መንገድ ላይ ያለ ስንዴ ሰኔ 30 ላይ «ተቆጠረ» ማለት ደግሞ የቆጠራው ወረቀትም ከደረሰኙ እየታየ የተሞላ ነው ማለት ነው። በገዙበት 5,200 ብር ብታሰሉት 312,000 ብር ነው፤ ክምችቱም የአቅራቢው ዕዳም በዚያው መጠን አብጠዋል። ትርፉ ላይ ለውጥ የለውም፣ በሁለቱም ወገን እኩል ስለገባ። ምክንያቱም የረባ አልነበረም፤ የግዢ ክፍሉ የዓመቱን ዕቅድ ሞላሁ ለማለት ነው። ግን ያው ዘዴ ነገ በሽያጩ በኩል ከተሠራ ትርፍን ይነካል። በቆጠራው ወረቀት ላይም ከዚያ በኋላ ልንተማመንበት አልቻልንም።

ስለዚህ በማግስቱ ዓመት ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት፤ አንዱን ደብዳቤ ሦስት አደረግሁት። የመጀመሪያው በግንቦት መጨረሻ ሄደ፣ ስለ ቆጠራው ብቻ ነበር። ያኔ የጻፍኩትን አንድ አንቀጽ ላንብብላችሁ፤

«ክቡር ሆይ፤ ሰኔ 30 ቀን 2017 በሚደረገው የስንዴና የዱቄት ቆጠራ ላይ ሁለት ባልደረቦቻችን ይገኛሉ። ለዚያ ቀን የቆጠራውን መመሪያና የቆጣሪዎቹን ስም ዝርዝር ከሰኔ 20 በፊት እንዲልኩልን እንጠይቃለን። በቆጠራው ዕለት ጠዋት የመጨረሻውን የገቢ ደረሰኝ ቁጥር፣ የመጨረሻውን የማውጫ ደረሰኝ ቁጥርና የመጨረሻውን የሚዛን ወረቀት ቁጥር ከባልደረቦቻችን ጋር ሆነው ይመዘግቡልናል። የሚዛን መዝገቡን ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ 15 ባለው ጊዜ እንዳለ እንፈልገዋለን። የቆጠራ ወረቀቱ ላይ የደብተሩ ቀሪ አስቀድሞ እንዳይጻፍበት እናሳስባለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። የደብተሩ ቁጥር በወረቀቱ ላይ ካለ ቆጣሪው እዚያው ቁጥር ላይ ሲደርስ መቁጠር ያቆማል፤ ሰው ነው፣ ይደክመዋል፣ ከሰዓት በኋላ የአዳማ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ቆርቆሮው ይጠበሳል። ሦስቱ የደረሰኝ ቁጥሮች ደግሞ ቀኑን ይተኩታል። ቀን ወደኋላ ይጻፋል፤ ሰኔ 30 ጠዋት የመጨረሻው ቁጥር 4417 ነው ብለን ሁለታችን ከፈረምንበት ግን 4418 ሰኔ ውስጥ ሊገባ አይችልም።

ሁለተኛው ደብዳቤ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሄደ፤ ትሪያል ባላንሱን፣ የሒሳብ ምዝገባውን ዝርዝር፣ የባንክ ሒሳቦቹን ዝርዝርና ለደንበኞች የሚላኩ ማረጋገጫዎችን የያዘ ነው። ማረጋገጫ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመስከረም ተጀምሮ ለጥቅምት የሚደርሰው በዕድል ነው። ሦስተኛው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሄደ፤ የተመረጡትን ቫውቸሮች፣ ውሎችን፣ የቦርድ ቃለ ጉባዔዎችን፣ የደመወዝና የጡረታ ማስታወቂያዎችን የሚጠይቅ ነበር። ይህኛው ሁላችሁም የምታውቁት ስለሆነ አላነበውም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በሦስቱም ደብዳቤዎች ላይ ከየተራ ቁጥሩ አጠገብ ሦስት ባዶ ዓምዶች አስገባሁ፤ «ማን ያዘጋጃል»፣ «መቼ ይደርሳል»፣ ሦስተኛው ደግሞ «የለም»። የመጨረሻውን ዓምድ ሳሳያቸው ፓርትነራችን ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ሰነድ የለኝም ማለትን እኛው እያስተማርን አይደለም ወይ አሉ። እኔ የፈራሁት ሌላ ነበር፤ የሌለ ሰነድ «እየተፈለገ ነው» እየተባለ ሦስት ሳምንት ሲበላን አይቻለሁ።

ጋሼ ሁለተኛውን ደብዳቤ በአሥረኛው ቀን ሞልተው መለሱልኝ። ሁሉም ላይ ስምና ቀን አለ። በተራ ቁጥር 12፣ «የቋሚ ንብረት መዝገብ፣ ከትሪያል ባላንሱ ጋር የገጠመ» በሚለው አጠገብ ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ «የለም» ብለው ጽፈዋል፤ ከሥሩም በትንንሽ ፊደል «ኖሮም አያውቅም፣ ጠይቃችሁኝም አታውቁም»። ነሐሴ ላይ አንድ ልጅ ለአምስት ቀን ፋብሪካው ልኬ ከሳቸው የሒሳብ ሠራተኛ ጋር ከወፍጮዎቹ ጀምሮ እስከ ቢሮው ወንበሮች ድረስ ታርጋ እየለጠፉ መዝገቡን ሠሩት። መስከረም ላይ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ከአንድ ጄነሬተር በስተቀር ሁሉም ገጥሟል። የጄነሬተሩን ታሪክ ከፈለጋችሁ ሻይ ላይ እነግራችኋለሁ።